ድምፃዊው የት ሄደ? የስቴሪዮ ሙዚቃ በአንድ ሞንታርቦ

[ቴክኒክ፦ የመግቢያ ሙዚቃ ለ10 ሰከንድ፤ ቀስ ብሎ ይቀንስ]

የዛሬው ዝግጅት ስልካቸውን ከአንድ ሞንታርቦ ጋር አገናኝተው ሙዚቃ ለሚያጫውቱ ነው። ቡና ቤትና ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ለሰርግና ለልደት ድምፅ ማጉያ የምታከራዩ፣ ሆቴል ውስጥ በኪቦርድ ብቻችሁን የምትጫወቱ፣ የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር የምትገለብጡ ሁሉ ጆሮ ስጡን። ለሁለት ድምፅ ማጉያ የተሠራ ሙዚቃ አንድ ድምፅ ማጉያ ላይ ሲወርድ አንዳንድ ጊዜ ከዘፈኑ ውስጥ የሆነ ነገር ይጠፋል። የሚጠፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር፣ ዘፋኙ ራሱ ነው።

ይህ ነገር ያልደረሰበት ሰው ያለ አይመስለኝም። የጆሮ ማዳመጫችሁ ጃክ ስልኩ ውስጥ በደንብ ሳይገባ ሲቀር ወይም ገመዱ ሲያረጅ፣ ሙዚቃው እየተሰማ የዘፋኙ ድምፅ ግን ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይሆናል። ጃኩን ገፋ ስታደርጉት ዘፋኙ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ገመዱ ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈዋል። ገመዱ መበላሸቱ እውነት ነው፤ ግን የተበላሸ ገመድ ዘፋኙን ብቻ መርጦ እንዴት ያጠፋል? የዛሬው ትምህርት በሙሉ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ዓለም ጤናን እናስብ። ከሞጆ ተነስቶ ወደ መቂ፣ ወደ ባቱ የሚወርደው መንገድ በከተማዋ ያልፋል። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ቡና ቤት ከፍተዋል እንበል። አንድ ሞንታርቦ ገዝተው በሩ አጠገብ አቆሙ። ሞንታርቦው ከጀርባው ባለ ሦስት ቀዳዳ የማይክ መሰኪያ አለው፤ ኤክስ ኤል አር የሚባለው ነው። ከገበያ አንድ ገመድ ተገዛ፦ በአንድ በኩል ቀጭን የስልክ ጃክ፣ በሌላው በኩል ባለ ሦስት እግር የማይክ መሰኪያ ያለው። ስልኩ ተሰካ፤ ዘፈን ተከፈተ። የማሲንቆው ድምፅ አለ፣ ጭብጨባው አለ፣ የኪቦርዱ ድምፅ በሰፊው ይሰማል። ዘፋኙ ግን የለም። ከዘፋኙ የቀረው ገደል ማሚቶው ብቻ ነው። ቤዙም ሳስቷል።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠረጠሩት ዘፈኑን ነው። ሌላ ዘፈን ከፈቱ፤ ያው ነው። ቀጥሎ ሞንታርቦው ተቃጥሏል አሉና ማይክ ሰኩበት፤ በማይክ ሲናገሩ ድምፃቸው ጥርት ብሎ ወጣ። ስልኩን ነቅለው በራሱ ድምፅ ማጉያ ሲያጫውቱት ደግሞ ዘፋኙ በደንብ ይሰማል። ስልኩ ደህና፣ ሞንታርቦው ደህና፣ ዘፈኑ ደህና። የቀረው ገመዱ ነው፤ ገመዱ ግን አዲስ ነው፤ አንድም የተበጠሰ ነገር የለውም።

ይህን ለመረዳት ስቴሪዮ ምን እንደሆነ እንይ። ስቴሪዮ ማለት ሁለት የተለያዩ ድምፆች ጎን ለጎን መጓዛቸው ነው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ሙዚቃውን የሚያቀናብረው ባለሙያ ዘፋኙን መሀል ላይ ማድረግ ሲፈልግ እኩል መጠን ለግራም ለቀኝም ይሰጠዋል። መሀል ላይ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ሁለቱ ጎኖች እኩል ስለሚናገሩ ጆሯችን ዘፋኙን መሀል ላይ ያስቀምጠዋል። ቤዝና ዋናው ከበሮም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ መሀል ይሆናሉ። ማሲንቆውን ወደ ግራ ማስጠጋት ከፈለገ ለግራ ብዙ፣ ለቀኝ ትንሽ ይሰጠዋል።

ቁጥር ብንሰጠው ይቀላል። ዘፋኙ በግራ 10፣ በቀኝ 10 ነው እንበል። ማሲንቆው በግራ 8፣ በቀኝ 2 ይሁን። እነዚህን ሁለት ጎኖች ወደ አንድ ማምጣት ስንፈልግ ትክክለኛው መንገድ መደመር ነው። ዘፋኙ 20፣ ማሲንቆው 10 ይሆናል። ድምሩ በዝቶ ድምፁን እንዳያፈነዳው በግማሽ እንቀንሰዋለን፤ ዘፋኙ 10፣ ማሲንቆው 5። ዘፋኙ ከፊት፣ ማሲንቆው ከኋላው፤ ዘፈኑ ሙሉ ነው። ይህ ድምር ሞኖ ይባላል።

አሁን በመደመር ፋንታ ቀኙን ከግራው ብንቀንስስ? ማሲንቆው 8 ሲቀነስ 2፣ 6 ይቀራል። ዘፋኙ ግን 10 ሲቀነስ 10፣ ዜሮ ነው። የዓለም ጤናው ሞንታርቦ የሠራው ይህንኑ ነው፤ ቀንሷል።

ለምን ቀነሰ? የማይክ መሰኪያው የተሠራው ለመቀነስ ስለሆነ ነው። የማይክ ገመድ ረጅም ነው፤ በመንገዱ ላይ ከመብራት መስመርና ከስልክ የሚመጣ ጫጫታ ይገባበታል። ስለዚህ ማይኩ አንድን ድምፅ በሁለት ሽቦ ይልካል። በአንደኛው ሽቦ ድምፁ እንዳለ ይሄዳል፤ በሁለተኛው ተገልብጦ ይሄዳል፤ ሞገዱ አንደኛው ላይ ወደ ላይ ሲወጣ ሁለተኛው ላይ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛው ሽቦ መሬት ነው። ሞንታርቦው ሲቀበል ሁለተኛውን ከአንደኛው ይቀንሳል። የተገለበጠ ነገር ሲቀነስ ይደመራል፤ ስለዚህ የማይኩ ድምፅ እጥፍ ይሆናል። በመንገድ ላይ የገባው ጫጫታ ግን በሁለቱም ሽቦ እኩል ስለሆነ ሲቀነስ ይጠፋል። በጣም ጎበዝ አሠራር ነው።

ከስልክ የሚመጣው ጃክም ሦስት ክፍል አለው፦ ጫፉ ግራ፣ መካከለኛው ቀለበት ቀኝ፣ የታችኛው መሬት። ያ ገመድ ጫፉን ከሁለተኛው እግር፣ ቀለበቱን ከሦስተኛው እግር ጋር ያገናኛል። ሞንታርቦው የስልኩን ግራና ቀኝ የአንድ ማይክ ሁለት ሽቦዎች አድርጎ ያያቸዋል። በሁለቱም ላይ እኩል የሆነውን ነገር በመንገድ ላይ የገባ ጫጫታ ነው ብሎ ያጠፋዋል። እኩል የሆነው ደግሞ ዘፋኙ ነው።

ባለሙያዎች ይህን የፌዝ መጠፋፋት ይሉታል። ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ በእኩል ጉልበት ሲገፉት በሩ ንቅንቅ አይልም፤ ጉልበት ስለጠፋ ሳይሆን ጉልበቶቹ ተቃራኒ ስለሆኑ። ሁለት ተመሳሳይ ሞገዶችም አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ ድምፅ አይወጣም። የተጎዳው የጆሮ ማዳመጫ ጃክም ምስጢሩ ይኸው ነው። የመሬቱ ግንኙነት ሲለቅ የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ በጆሮ ማዳመጫው ውስጥ ይዞራል፤ መሀል ያለው ሁሉ ይሞታል።

አሁን በጆሯችሁ አረጋግጡ። አንድ የዘፈን ቁራጭ ሁለት ጊዜ እናጫውታለን። መጀመሪያ ተደምሮ፣ ከዚያ ተቀንሶ። ሁለቱንም አስቀድመን ሞኖ አድርገናቸዋል፤ ስለዚህ ሬዲዮአችሁ አንድ ድምፅ ማጉያ ቢኖረውም ሁለት፣ ልዩነቱ ይሰማችኋል።

[ቴክኒክ፦ ቁራጭ ሀ፣ ግራና ቀኝ ተደምሮ፣ 12 ሰከንድ። ቁራጭ ለ፣ ያው ቦታ ተቀንሶ፣ 12 ሰከንድ]

ሁለተኛው ላይ የዘፋኙ ማሚቶ ቀረ አይደል? ማሚቶው የቀረው በስቱዲዮ ሲጨመር በግራና በቀኝ የተለያየ ሆኖ ስለሚሠራ ነው። ይህን ምልክት ያዙት። ዘፋኙ ጠፍቶ ማሚቶው ከቀረ፣ ቤዙም አብሮ ከሳሳ፣ አንድ ቦታ ላይ መቀነስ እየተካሄደ ነው። ድምፅ ማጉያ ሲቃጠል እንዲህ አይሆንም፤ የተቃጠለ ድምፅ ማጉያ ይንኮሻኮሻል ወይም ዝም ይላል እንጂ ዘፋኝ አይመርጥም።

ወደ መፍትሔው እንሂድ። በጣም ርካሹ ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ብዙ ስልኮች ውስጥ በማስተካከያው ገጽ «Accessibility» በሚለው ሥር «Mono audio» የሚል አለ። የተሠራው በአንድ ጆሯቸው ብቻ ለሚሰሙ ሰዎች ነው። ሲበራ ስልኩ ግራና ቀኙን ራሱ ይደምርና አንዱን ድምር በሁለቱም ጎን ያወጣል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያንኑ የቡና ቤት ገመድ ሳይቀይሩ ይህን ቢያበሩ ግራና ቀኝ ፍጹም አንድ ይሆናሉ፤ ሞንታርቦው ሲቀንሳቸው ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነገር ይጠፋል። ይህ ራሱ ጥሩ መመርመሪያ ነው፦ «Mono audio» ስታበሩ ሞንታርቦው ጸጥ ካለ ጥፋተኛው ገመዱ መሆኑ ተረጋገጠ።

ስለዚህ ገመዱ መለወጥ አለበት። «Mono audio»ን አብርቶ ለሚጠቀም ሰው የስልኩን አንድ ጎን ብቻ ወደ ሞንታርቦው የሚወስድ ገመድ ይበቃዋል፤ ጫፉ ወደ ሁለተኛው እግር፣ መሬቱ ወደ አንደኛውና ወደ ሦስተኛው እግር። ቀለበቱ ከምንም ጋር ሳይገናኝ ይቀራል። ነገር ግን ቡና ቤት ውስጥ የእንግዳ ስልክም ይሰካል፤ የእያንዳንዱን እንግዳ ስልክ ማስተካከያ መክፈት አይቻልም። ማስተካከያው ሳይበራ በዚያ ገመድ ከተጫወተ ግራው ብቻ ይሰማል፤ በቀኝ በኩል ያለው ክራር ወይም ተቀባይ ዘፋኝ ይቀራል። ያኔ ድምሩን ገመዱ ራሱ መሥራት አለበት።

እዚህ ላይ የሚፈጸም የተለመደ ስህተት አለ። ግራና ቀኙን ሽቦ አንድ ላይ ጠምዝዞ ማገናኘት። ድምፅ ይወጣል፤ ዘፋኙም ይመለሳል፤ ስለዚህ ሰው ተሳካ ይላል። ግን የስልኩ ሁለት መውጫዎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ግራው ወደ ላይ ሊገፋ ሲል ቀኙ ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ሁለቱም ያለ ጥቅም ጉልበት ያፈሳሉ፣ ድምፁም ጮክ ሲል ይሻክራል። መውጫ የተሠራው ድምፅ ለመላክ እንጂ ከሌላ መውጫ ጋር ለመታገል አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ሬዚስተር ነው። እያንዳንዳቸው 1,000 ኦም፤ ማንኛውም የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ መሳቢያ ውስጥ ይገኛሉ። ቀለማቸው ቡናማ፣ ጥቁር፣ ቀይ ሲሆን አራተኛው መስመር አብዛኛውን ጊዜ ወርቃማ ነው። ከስልኩ ጃክ ጫፍ የሚመጣው ሽቦ በአንዱ ሬዚስተር ያልፋል፤ ከቀለበቱ የሚመጣው በሌላው ያልፋል። ካለፉ በኋላ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ከመገናኛው አንድ ሽቦ ወደ ሁለተኛው እግር ይሄዳል። የስልኩ መሬት ከአንደኛውና ከሦስተኛው እግር ጋር ይበየዳል። በቃ። ሬዚስተሮቹ ሁለቱን መውጫዎች ስለሚለያዩ ትግሉ ይቆማል፤ ከመገናኛው ላይ የሚገኘው የግራና የቀኝ አማካይ ነው። ቅድም በቁጥር ያየነው፣ ተደምሮ በግማሽ የተቀነሰው፣ እዚህ ሁለት ትናንሽ ሬዚስተሮች ላይ ተሠራ ማለት ነው። ሬዚስተሮቹን ወደ ሞንታርቦው በሚሄደው መሰኪያ ሽፋን ውስጥ ብትደብቋቸው ገመዱ ከሌላ ገመድ አይለይም፤ ከላይ በፕላስተር «ሞኖ» ብላችሁ ጻፉበት።

ከመሰካታችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ። ሞንታርቦው ወይም ሚክሰሩ «MIC» እና «LINE» የሚል መቀያየሪያ ካለው «LINE» ላይ አድርጉት፤ የስልክ ድምፅ ከማይክ ድምፅ እጅግ ስለሚበልጥ «MIC» ላይ ከሆነ ድምፁ ይሰነጠቃል። ሚክሰሩ ላይ «48V» የሚል ቁልፍ ካለ መጥፋቱን አረጋግጡ፤ እሱ ለአንዳንድ ማይኮች ኤሌክትሪክ የሚልክ ነው፤ ስልክ ግን አይፈልገውም።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከዚህ ይከብዳል። የነገርኳችሁ ሁሉ ለስልክ፣ ለዲቪዲ፣ ለሚክሰር መውጫ ነው። ወፍራም ሽቦ ወደ ድምፅ ማጉያ የሚልከውን የአምፕሊፋየር ግራና ቀኝ ግን በሬዚስተርም ያለ ሬዚስተርም እንዳታገናኙ። እዚያ ያለው ጉልበት ብዙ ነው፤ አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል። አምፕሊፋየር ያለው ሰው ድምሩን ከአምፕሊፋየሩ በፊት ይሥራ።

በኪቦርድ ብቻችሁን የምትጫወቱ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልጋችሁም። ብዙ ኪቦርዶች ከጀርባቸው ሁለት መውጫ አላቸው፤ አንደኛው ላይ «L/MONO» ተጽፏል። ሌላውን ባዶ ትታችሁ እዚያ ብቻ ስትሰኩ ኪቦርዱ ራሱ ይደምርላችኋል። ግን ከተደመረ በኋላ የፒያኖውን ድምፅ አዳምጡት። አንዳንድ የስቴሪዮ ፒያኖ ድምፆች ለሁለት ድምፅ ማጉያ እንዲሰፉ ተደርገው የተቀረጹ በመሆናቸው ሲደመሩ ባዶና ቀጭን ይሆናሉ። ኪቦርዱ ውስጥ «Mono» የሚል ፒያኖ ካለ እሱን ምረጡ። በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ያማረ ድምፅ ለአዳራሹ ምንም አይጠቅምም።

[ቴክኒክ፦ አጭር ሙዚቃ፣ 6 ሰከንድ]

ገመዱን አስተካክለናል። አሁንም ግን አንዳንድ ዘፈን ሲከፈት ዘፋኙ ቢጠፋስ? ያኔ ችግሩ ቅጂው ውስጥ ነው። ለመለየት የስልኩን የራሱን ድምፅ ማጉያ ተጠቀሙ። ስልኩ አንድ ድምፅ ማጉያ ብቻ ካለው ግራና ቀኙን ደምሮ ነው የሚያጫውተው፤ ሁለት ካለው «Mono audio» አብሩ። ዘፋኙ በስልኩ እየተሰማ በሞንታርቦ ከጠፋ ገመዱን ተጠራጠሩ። በጆሮ ማዳመጫ እየተሰማ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ከጠፋ ግን ቅጂውን ተጠራጠሩ፤ አንድ ሰው ሲቀዳ አንዱን ጎን ገልብጦታል፣ ወይም የአንዱ ገመድ ሽቦዎች ተቀያይረዋል። የተገለበጠ ነገር ሲደመር ይጠፋፋል። ይህንን «Audacity» በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ማዳን ይቻላል፤ ሁለቱን ጎኖች ለይታችሁ አንዱን ብቻ መርጣችሁ «Invert» የሚለውን ስጡት፣ ከዚያ ደምሩ። ዘፋኙ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል።

የድሮ ካሴት ጉዳይ ግን ይለያል። እዚያ ዘፋኙ አይጠፋም፤ ይታፈናል። በስቴሪዮ ሲሰማ ደህና የነበረው ድምፅ ሲደመር የ«ስ» እና የ«ሽ» ድምፆች ይደበዝዛሉ፣ የማሲንቆው ጭራ ፍትጊያ ይሞታል፣ አንዳንዴም ድምፁ ሹው... ሹው እያለ ይመጣል፣ ይሄዳል። የአገራችን ሙዚቃ ለረጅም ዘመን የኖረው በካሴት ላይ ነው፤ እጅ በእጅ፣ ከካሴት ወደ ካሴት እየተገለበጠ። ስለዚህ ይህ ችግር ዛሬ በፍላሽ በሚዞሩ የድሮ ዘፈኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገጥማል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በስቴሪዮ ካሴት ላይ ግራና ቀኝ ጎን ለጎን በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ተቀርጸዋል፤ የመስመሮቹ መሀል ለመሀል ርቀት 0.9 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የቴፑ ራስ፣ ማለትም ካሴቱን የሚያነበው ብረት፣ ከካሴቱ ጋር ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ትንሽ ካዘነበለ አንዱን መስመር ከሌላው ቀድሞ ያነባል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር ብቻ ስለሚሄድ ትንሽ ማዘንበል ብዙ ያበላሻል። ራሱ ሩብ ዲግሪ ቢያዘነብል በሁለቱ መስመሮች መካከል የአንድ ሚሊሜትር አራት ሺኛ ያህል መዛነፍ ይመጣል። በዓይን አይታይም። ነገር ግን በሰከንድ 6,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በካሴቱ ላይ አንድ ሙሉ ሞገዱ የሚይዘው ቦታ የሚሊሜትር ስምንት ሺኛ ገደማ ነው። መዛነፉ የዚህ ግማሽ ሆነ። በግማሽ የተዛነፉ ሞገዶች አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ሲደመሩ በ6,000 አካባቢ ያለው ድምፅ ይጠፋል። የ«ስ» እና የ«ሽ» ጥራት፣ የፍትጊያው ድምፅ የሚኖረው እዚያ አካባቢ ነው። ከሱ በታች ያሉት ዝቅተኛ ድምፆች ሞገዳቸው ረጅም ስለሆነ አይነኩም፤ ስለዚህ ቤዙና የዘፋኙ ወፍራም ድምፅ ይቀራል፣ ጥራቱ ብቻ ይሄዳል። በስቴሪዮ ብታዳምጡት ግን ሁለቱ በሁለት ድምፅ ማጉያ ስለሚወጡ ይህን ያህል አይታወቅም።

ካሴት የምትገለብጡ ሰዎች፣ ቴፑ ላይ ማስተካከል የሚቻለው ነገር አለ። በራሱ ጎንና ጎን ሁለት ብሎኖች አሉ፤ ከሥሩ ስፕሪንግ ያለው የማዘንበያው ነው። ካሴቱ እየተጫወተ፣ ግራና ቀኙ ተደምሮ እየተሰማ፣ በትንሽ ካቻቪቴ ብሎኑን በጣም በጥቂቱ አዙሩ፤ የ«ስ» ድምፅ በጣም የጠራበት ቦታ ላይ አቁሙ። በስቴሪዮ እየሰማችሁ ብታዞሩት ትክክለኛውን ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ መጠፋፋቱን ጎላ አድርጎ የሚያሳየው ድምሩ ነው። ካቻቪቴው ማግኔት ያለው አይሁን፤ ራሱን ይጎዳል። ደግሞ ለእያንዳንዱ ካሴት ማዞር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን ካሴት የቀዳው ሌላ ቴፕ ነው፤ የዚያ ቴፕ ራስም የራሱ አቀማመጥ ነበረው። በዚያው ቴፕ አዲስ ካሴት መቅዳት ካሰባችሁ መጀመሪያ የነበረበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት።

ካሴቱ ጠፍቶ የተገለበጠው ፋይል ብቻ ከቀረስ? የእኔ ምክር አጭር ነው፤ አትደምሩ። ሁለቱን ጎኖች በየተራ ስሙና የተሻለውን አንዱን ጎን ብቻ ውሰዱ። ሲጀመር ሁለቱም ጎን ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ለያዘ ቅጂ ይህ ከማንኛውም ድምር ይሻላል። የካሴቱ ሹክሹክታ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከታፈነ ዘፋኝ ግን ሹክሹክታ ይሻላል። መሣሪያዎቹ በእርግጥ በግራና በቀኝ የተከፋፈሉበት ዘፈን ከሆነ ግን አንዱን ጎን መጣል ግማሹን ባንድ መጣል ነው፤ ያኔ በ«Audacity» አንዱን ጎን ከሌላው ጋር እስኪገጥም በጥቂቱ ማንሸራተትና ከዚያ መደመር ይኖርባችኋል። ባለ ሩብ ዲግሪው ምሳሌያችን ላይ ማንሸራተቻው አንድ ሰከንድ ለአሥራ ሁለት ሺህ ሲካፈል የሚገኘው ያህል ነው።

መደመርና መቀነስ ከሬዲዮም አይርቅም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን ብሉምላይን በ1931 እ.ኤ.አ. ባስመዘገበው የስቴሪዮ ፓተንት ውስጥ ግራና ቀኝን በድምርና በልዩነት የማስላት ሐሳብ ነበር። በ1961 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያጸደቀችውና ብዙ አገሮች የሚጠቀሙበት የኤፍ ኤም ስቴሪዮ አሠራርም በዚሁ ላይ ቆሟል። ጣቢያው ግራና ቀኙን ለየብቻ አይልክም። ድምሩን በዋናው መንገድ ይልካል፤ ልዩነቱን ከጆሮ በላይ በሆነ፣ በሰከንድ 38,000 ጊዜ በሚርገበገብ ሞገድ ላይ አስቀምጦ ለብቻው ይልካል። ስቴሪዮ ሬዲዮ ሁለቱን ተቀብሎ ግራና ቀኙን መልሶ ያወጣል። አንድ ድምፅ ማጉያ ያለው ትንሽ ሬዲዮ ልዩነቱን ትቶ ድምሩን ብቻ ያጫውታል። ለዚህ ነው የባትሪ ሬዲዮ የያዘ ገበሬ ስቴሪዮ ስርጭት ሳይጎድልበት የሚሰማው። ግን የዚህ ጥቅም ዋጋ አለው፦ ሲደመር የሚጠፋ ነገር ካለ በዚያ ሬዲዮ ላይ አይሰማም። አንድ ጎኑ የተገለበጠ ቃለ መጠይቅ በስቱዲዮ ጆሮ ማዳመጫ ላይ ትንሽ እንግዳ ሆኖ ይሰማል እንጂ ይሰማል፤ በገበሬው ሬዲዮ ላይ ግን ተናጋሪው ዝም ይላል።

ስለዚህ ወደ ሬዲዮ ጣቢያ ዘፈን፣ ማስታወቂያ ወይም ቃለ መጠይቅ የምትልኩ አድማጮቻችን፣ ከመላካችሁ በፊት በስልካችሁ «Mono audio» አብርታችሁ አንዴ አዳምጡት። ሰው ከጠፋባችሁ ወይም የ«ስ» ድምፅ ከደበዘዘ አስተካክሉና ላኩ። በዓለም ጤና፣ በመቂ፣ በአዳማ ገመድ የምትሸጡ ደግሞ ቀጭን ጃክና የማይክ መሰኪያ ያለውን ገመድ ለስልክ ነው ብላችሁ ከመሸጣችሁ በፊት ውስጡ ሬዚስተር እንዳለው ጠይቁ። ከሌለው ገዢያችሁን ወደ ጠጋኝ ላኩት። ሁለት ሬዚስተርና ጥቂት የብየዳ ቆርቆሮ በጣም ርካሽ ነው።



[ቴክኒክ፦ የመዝጊያ ሙዚቃ፣ ሞኖ]